በሄዱበት መንገድ ላለመመለስ

ልጆቻቸው በባሕር ማዶ ተበታትነው የሚኖሩባቸው ወላጆች በየሰበካው ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህም መካከል አንድ የቤተ ሰብ አባት የሚከተለውን ጥያቄ ልከውልናል። የበኵር ልጃቸው በለንደን፣ ሁለተኛው በፍራንክፈርት፣ ሴት ልጃቸው ደግሞ በሮም ይኖራሉ። አባትና እናት በአንድ ጉዞ ሦስቱንም ሊጐበኙ አስበዋል፤ በፍራንክፈርት ያለው ልጅ ሚስት በቅርቡ ወንድ ልጅ ስለምትወልድም፣ የክርስትናው ቀን ሳያልፍባቸው ሊደርሱ ይሻሉ። ያላቸው ጊዜ 28 ቀን ነው። ለንደን ያለው ልጅ «ወደ እኔ ደርሶ መልስ ትኬት ልቍረጥላችሁ፤ ከዚህ ወደሌሎቹ ትሄዳላችሁ» ይላል። የሮሟ ልጅ ደግሞ «ወደ ሮም ይረክሳል፤ በእኔ በኩል ኑ» ትላለች። ማንኛቸው ትክክል ናቸው? ጥያቄው ይህ ነው።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል እንዲሉ፣ ትኬቱን አስቀድሞ ገዝቶ መንገዱን በኋላ ማሰብ በሄዱበት መንገድ ተመልሶ መምጣትን ያስከትላል። ስለዚህ የልጆቹን ክርክር ለጊዜው እናቈየውና በመጀመሪያ መንገዱን፣ ቀጥሎ ቪዛውን፣ በመጨረሻም ትኬቱን እንመልከት። ይህ ቅደም ተከተል ራሱ የምክራችን እኩሌታ ነው።

መካከለኛው ከተማ ማን ነው?

የዓለም ካርታ ያለው ቤተ ሰብ ካርታውን ይዘርጋና በሦስቱ ከተሞች ላይ ክር ይወጥር። በቀጥታ ሲለካ ከለንደን እስከ ፍራንክፈርት 640 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከፍራንክፈርት እስከ ሮም 960 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከለንደን እስከ ሮም ደግሞ 1,430 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ሦስት ከተሞች በስድስት ዐይነት ተራ ሊደረደሩ ይችላሉ። ነገር ግን ከስድስቱ ሦስቱ የቀሩት ሦስቱ ግልባጭ ናቸው፤ ከለንደን ተነሥቶ በፍራንክፈርት አልፎ ሮም መድረስና ከሮም ተነሥቶ በፍራንክፈርት አልፎ ለንደን መድረስ የመንገዱ ርዝመት አንድ ነውና። ስለዚህ መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ብቻ ይሆናል፤ ይኸውም «መካከለኛው ከተማ ማን ይሁን?» የሚለው ነው።

ሮም በመካከል ብትሆን፣ ማለት ለንደን፣ ሮም፣ ፍራንክፈርት ቢባል፣ በአውሮፓ ውስጥ የሚኬደው መንገድ 2,390 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለንደን በመካከል ብትሆን 2,070 ኪሎ ሜትር ነው። ፍራንክፈርት በመካከል ስትሆን ግን 1,600 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ክሩም በካርታው ላይ ሲታይ ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ሳይታጠፍ የሚወርድ መሥመር ይሠራል። ከተሞቹ አራት ወይም አምስት ቢሆኑም መንገዱ ይኸው ነው፤ በመጀመሪያ እርስ በርሳቸው እጅግ የሚራራቁትን ሁለቱን ፈልጎ ጫፍና ጫፍ ማድረግ፣ የቀሩትን ደግሞ በመካከል በየተራቸው መደርደር ነው። ክሩ ራሱን የሚያቋርጥበት ቦታ ካለ በዚያ ሥፍራ ሁለት ከተሞች ተራቸውን ተቀያይረዋል ማለት ነው።

በዚህ ልኬት ከአዲስ አበባ እስከ አውሮፓ ያለውን ረጅሙን በረራ አልቈጠርንም። ያልቈጠርንበትም ምክንያት የረጅሙ በረራ ዋጋ በኪሎ ሜትር የሚሰፈር ስላልሆነ ነው። ሻንጣ ተሸክመው የሚሄዱበት፣ በየጊዜው ለየብቻ የሚከፍሉበትና የሚደክሙበት መንገድ በአውሮፓ ውስጥ ያለው ነው።

አሁን የለንደኑን ልጅ አሳብ እንመርምር። ትኬቱ ወደ ለንደን ደርሶ መልስ ከሆነ ወላጆቹ ለንደን፣ ፍራንክፈርት፣ ሮም ብለው ከጨረሱ በኋላ፣ አንድም የሚጐበኙት ሰው ሳይኖር፣ አውሮፕላኑን ለመያዝ ብቻ 1,430 ኪሎ ሜትር ወደ ለንደን ይመለሳሉ። ከዚያም የተሳፈሩበት አውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ መልሶ ወደ ደቡብ ያወርዳቸዋል። የሮሟ ልጅ አሳብም ከዚህ አይሻልም፤ ሮም ደርሰው ወደ ለንደን 1,430 ኪሎ ሜትር ይወጡና ከዚያ በፍራንክፈርት በኩል ወደ ሮም ይወርዳሉ። ሁለቱም ልጆች በቅንነት ተናግረዋል፤ ነገር ግን ሁለቱም አንዲት ትርፍ መንገድ ጨምረዋል። ይህችን ትርፍ መንገድ «መዝጊያ» ብለን እንጥራት፤ ክቡን ለመዝጋት እንጂ ለሌላ አትጠቅምምና።

ቪዛው የሚፈርደው ፍርድ

መንገዱን ከካርታው ከለየን በኋላ ሕጉ ይፈቅድ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ጀርመንና ኢጣልያ ሼንገን በሚባለው ማኅበር ውስጥ ካሉት 29 አገሮች መካከል ናቸው፤ በአንድ ቪዛ ሁሉም ይታያሉ። ብሪታንያ ግን በዚህ ማኅበር ውስጥ የለችም፤ የራስዋን ቪዛ ትሰጣለች። ስለዚህ ወላጆቹ ሁለት ቪዛ ያስፈልጋቸዋል።

ብዙ ቤተ ሰብ የሚሰናከልበት ነገር እዚህ ላይ ነው። የሼንገን ቪዛ ሲሰጥ «የመግቢያ ብዛት» የሚል ሥፍራ አለው። በዚያ ሥፍራ 01 ተብሎ ከተጻፈ ባለቪዛው አንድ ጊዜ ብቻ ይገባል፤ ከሼንገን አገሮች ከወጣ፣ የቪዛው ቀን ገና ሳያልቅ እንኳ ቢሆን፣ ተመልሶ መግባት አይችልም። በመጀመሪያ ሮም የገቡ ወላጆች ወደ ለንደን ሲሻገሩ ከሼንገን ወጥተዋል። ከለንደን ወደ ፍራንክፈርት ለመሄድ ሲነሡ ሁለተኛ መግቢያ ይሆንባቸዋልና ከበር ይመለሳሉ፤ የልጅ ልጃቸውም ክርስትና ያመልጣቸዋል። የሮሟ ልጅ አሳብ ይህን አደጋ ይዞ ነበር።

እንግዲህ ደንቡ እንዲህ ነው፤ ሌላ ቪዛ የሚጠይቀው አገር ከጫፍ ይሁን እንጂ ከመካከል አይሁን። ለንደን የመጀመሪያዋ ወይም የመጨረሻዋ ከሆነች የሼንገኑ ቪዛ አንድ መግቢያ ብቻ ቢኖረውም ይበቃል። የእኛም ክር ለንደንን ከጫፍ ስላደረጋት ካርታውና ሕጉ ተስማምተውልናል። ሁልጊዜ እንዲህ አይስማሙም፤ ሲለያዩ ግን የሚታዘዙት ለሕጉ ነው።

የሼንገን ቪዛ የሚጠየቀው ብዙ ቀን በሚቀመጡበት አገር ኤምባሲ ነው፤ ቀኖቹ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ በሚገቡበት አገር ይጠየቃል። ወላጆቹ 7 ቀን በለንደን፣ 12 ቀን በፍራንክፈርት፣ 9 ቀን በሮም ሊቀመጡ ቢያስቡ ማመልከቻቸው ለጀርመን ኤምባሲ ይሆናል ማለት ነው። የለንደኑ 7 ቀን በዚህ ቍጥር ውስጥ አይገባም።

አፉ ክፍት የሆነው ትኬት

ወደ አንድ ከተማ ሄዶ ከሌላ ከተማ ለመመለስ የሚቈረጥ ትኬት አለ። የአየር መንገድ ሰዎች «ኦፕን ጆ» ይሉታል፤ ክፍት መንጋጋ ማለታቸው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ለንደን አንድ መሥመር፣ ከሮም ወደ አዲስ አበባ ሌላ መሥመር በወረቀት ላይ ብትስሉ ሁለቱ መሥመሮች በአዲስ አበባ ተገናኝተው በአውሮፓ በኩል እንደ ተከፈተ አፍ ሆነው ይታያሉ። ክፍተቱን፣ ማለት ከለንደን እስከ ሮም ያለውን፣ መንገደኛው በራሱ ገንዘብ በባቡርም በአውሮፕላንም ይሞላዋል። የጉዞ ወኪሉ በኮምፒዩተሩ ሲጽፈው በክፍተቱ ሥፍራ ARUNK የሚል ቃል ይታያል፤ ይህ መንገደኛው በዚህ መካከል በሌላ መንገድ ይጓዛል የሚል ምልክት ነው እንጂ ስሕተት አይደለም።

ብዙ ሰው ይህን ትኬት እንደ ሁለት የመሄጃ ትኬቶች ይቈጥረውና ውድ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በረጅም በረራ ላይ የመሄጃ ብቻ ትኬት ከደርሶ መልሱ ዋጋ እኩሌታ ብዙ ይበልጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ከሙሉው ደርሶ መልስ ጋር ይቀራረባል። አፉ ክፍት የሆነው ትኬት ግን በደርሶ መልስ ሒሳብ ይታሰባል፤ ይኸውም የለንደን ደርሶ መልስ ዋጋ እኩሌታና የሮም ደርሶ መልስ ዋጋ እኩሌታ ተደምረው ነው። የየአገሩ ቀረጥ ለብቻው ስለሚጨመር ድምሩ በልክ ላይገጥም ይችላል፤ ለግምት ግን ይበቃል።

በምሳሌ እናስላው። የምንጠቅሳቸው ዋጋዎች ለማስላት ያህል ያሰብናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ለአንድ ሰው የለንደን ደርሶ መልስ 900 ዶላር፣ የሮም ደርሶ መልስ 700 ዶላር ነው እንበል። መዝጊያዋ መንገድ፣ ማለት በሮምና በለንደን መካከል ያለችው፣ 120 ዶላር ትፈጃለች እንበል። በአውሮፓ ውስጥ በርካሽ የሚያበርሩ ኩባንያዎች በትኬታቸው የሚፈቅዱት ትንሽ የእጅ ቦርሳ ብቻ ስለሆነ ለሁለት ትልልቅ ሻንጣ 80 ዶላር ይጨመራል። መዝጊያዋ በጠቅላላ 200 ዶላር ሆነች። ከለንደን በፍራንክፈርት ወደ ሮም የሚወስደው መንገድ በሁሉም አሳብ ውስጥ ያለ ስለሆነ አንቈጥረውም።

የለንደኑ ልጅ አሳብ 900 ሲደመር 200፣ 1,100 ዶላር ነው። የሮሟ ልጅ አሳብ 700 ሲደመር 200፣ 900 ዶላር ነው። አፉ ክፍት የሆነው ትኬት 450 ሲደመር 350፣ 800 ዶላር ይሆናል፤ መዝጊያም የለበትም። ለአባትና ለእናት ሲባዛ ከሮሙ አሳብ 200 ዶላር፣ ከለንደኑ አሳብ 600 ዶላር ይተርፋቸዋል።

ከዚህ ሒሳብ የሚወጣውን ደንብ ማንም በቤቱ ሊጠቀምበት ይችላል። የሁለቱን ከተሞች ደርሶ መልስ ዋጋ ጠይቁ፤ ትንሹን ከትልቁ ቀንሱ፤ የቀረውን ለሁለት ክፈሉ። ያገኛችሁት ቍጥር ከመዝጊያዋ ወጪ ካነሰ አፉ ክፍት የሆነው ትኬት ይረክሳል፤ ከበለጠ ደግሞ ወደ ርካሹ ከተማ ደርሶ መልስ መግዛት ይሻላል። በምሳሌያችን ልዩነቱ 200፣ እኩሌታውም 100 ነው፤ መዝጊያዋ 200 ስለሆነች የ100 ዶላር ትርፍ ለክፍቱ ትኬት ሆነ። ከዚህም የምንረዳው ሁለቱ ጫፎች እየተራራቁ በሄዱ ቍጥር መዝጊያዋ ስለምትወደድ የክፍቱ ትኬት ጥቅም የሚጨምር መሆኑን ነው። ጫፎቹ የአንድ ሰዓት የባቡር መንገድ ብቻ የሚራራቁ ከሆኑ ግን ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ ተራ ደርሶ መልስ ይበቃል።

ደንቡ የማይሠራበት ጊዜም አለ። አየር መንገዶች ለአንድ ከተማ ብቻ ልዩ ቅናሽ ሲያወጡ ቅናሹ ከሌላ ከተማ ዋጋ ጋር እንዳይጣመር ብዙ ጊዜ ይከለክላሉ። የሮም ደርሶ መልስ በቅናሽ 450 ዶላር ቢሆንና እኩሌታው ከለንደኑ እኩሌታ ጋር የማይጣመር ቢሆን፣ የሮሙ አሳብ ከነመዝጊያው 650 ዶላር፣ ክፍቱ ትኬት ግን እንደ ቀድሞው 800 ዶላር ይሆናል። ያን ጊዜ የሮሟ ልጅ ትረታለች፤ ነገር ግን ሁለት ጊዜ የሚያስገባ የሼንገን ቪዛ ከተገኘ ብቻ ነው። እንደዚሁም ሁለት ዋጋዎች በአንድ ትኬት ሲጣመሩ፣ አንዱ ቀን ለመለወጥ የሚፈቅድ ሌላው የማይፈቅድ ቢሆን፣ ብዙ ጊዜ ጠንከር ያለው ደንብ በጠቅላላው ትኬት ላይ ይጸናል። ስለሆነም የቀን ለውጥ ስንት እንደሚያስከፍል ከመግዛት በፊት መጠየቅ ይገባል።

ከየትኛው ጫፍ እንጀምር?

መሥመሩ ለንደን፣ ፍራንክፈርት፣ ሮም መሆኑ ተወስኗል። ከለንደን ጀምሮ ወደ ሮም መውረድ ይሻላል ወይስ ከሮም ጀምሮ ወደ ለንደን መውጣት? የመንገዱ ርዝመት አንድ ቢሆንም ዋጋው አንድ አይደለም።

ብሪታንያ ከ1994 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቈጣጠር ጀምሮ ከአገርዋ በአውሮፕላን በሚነሣ መንገደኛ ላይ ቀረጥ ትጥላለች። ቀረጡ በሚነሡት ላይ እንጂ በሚገቡት ላይ አይደለም፤ መጠኑም በሩቅነት ነው፤ ለቅርብ አገር ጥቂት፣ ለሩቅ አገር ብዙ ይከፈላል። አዲስ አበባ ከሩቆቹ ምድብ ናት። ጀርመንም ከ2011 በአውሮፓ አቈጣጠር ጀምሮ በሩቅነት የሚለካ ተመሳሳይ ቀረጥ አላት። ስለዚህ በለንደን ገብቶ በሮም የሚወጣ መንገደኛ የለንደኑን የሩቅ አገር ቀረጥ አይከፍልም። ከለንደን ወደ አህጉሩ የሚሻገረው በባቡር ከሆነ ያ ቀረጥ ጨርሶ አይነካውም። ትኬት ስትጠይቁ እንግዲህ ሁለቱንም አቅጣጫ ጠይቁ፤ ወኪሉ አንዱን ዋጋ ነግሮአችሁ «ግልባጩስ?» ብትሉት የሚያስገርም ልዩነት የሚወጣበት ጊዜ አለ።

ከዋጋው ሌላ ቀን የተቈረጠለት ነገር አቅጣጫውን ሊወስን ይችላል። የወንድ ልጅ ክርስትና በ40 ቀን ነው፤ ቀኑ በወላጆቹ ምኞት አይዛወርም። ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ 40ኛው ቀን ከጉዞው በ15ኛው ቀን ላይ ቢውል፣ ወላጆቹ 7 ቀን በለንደን ተቀምጠው በ8ኛው ቀን ፍራንክፈርት ስለሚገቡ አንድ ሳምንት ይተርፋቸዋል። 40ኛው ቀን ከጉዞው በ3ኛው ቀን ላይ ቢውል ግን የከተሞቹን ተራ ማፍረስ አይገባም፤ ከአዲስ አበባ የሚነሡበትን ቀን አንድ ሳምንት ያህል ማስቀደም ነው እንጂ። ፍራንክፈርት መካከለኛ ስለሆነች በየትኛውም አቅጣጫ ቢጀምሩ ተራዋ አይለወጥምና። ቀን የተቈረጠለት ነገር በጫፍ ከተማ ቢሆን፣ ለምሳሌ የሮሟ ልጅ ጋብቻ በመጀመሪያው ሳምንት ቢሆን፣ ያን ጊዜ መሥመሩን ገልብጦ ከሮም መጀመርና የለንደኑን ቀረጥ መክፈል ግድ ይሆናል።

ክፍተቱን መሙላት

ክፍቱ ትኬት ከተገዛ በኋላ የሚቀረው ከለንደን እስከ ሮም ያለው መንገድ ነው። በአውሮፕላን መሄድ ይቻላል፤ ነገር ግን ትልልቅ ሻንጣ ለያዙ ሽማግሌዎች ባቡር ይሻላል። ከለንደን ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ በባሕሩ ሥር የሚያልፈው ባቡር በሁለት ሰዓት ያህል ብራስልስ ያደርሳል፤ ለአንድ መንገደኛም ርዝመታቸው ከ85 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ሁለት ሻንጣዎች ከእጅ ቦርሳ ጋር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይፈቅዳል። ወደ ሼንገን የመግቢያው የፓስፖርት ምርመራ የሚፈጸመው እዚያው ለንደን ጣቢያ ስለሆነ ቀደም ብሎ መድረስ ያሻል። ከብራስልስ ፍራንክፈርት በፈጣን ባቡር ከሦስት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። በብራስልስ ባቡር ለመለወጥ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል መተው ይገባል፤ የመጀመሪያው ባቡር ቢዘገይ ሁለተኛው እንዳያመልጥ ነው።

ከፍራንክፈርት ሮም በአንድ ቀን የሚዘለቅ ቢሆንም ለእነዚህ ወላጆች አንመክርም። በስዊስ በኩል ሚላኖ ለመድረስ ስምንት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በሚላኖ አንድ ሌሊት አድረው በማግሥቱ በሦስት ሰዓት ያህል ሮም ይገባሉ። ስዊስም የሼንገን አገር ስለሆነች ሌላ ቪዛ አትጠይቅም።

የስንቅና የስጦታው ነገርም ከከተሞቹ ተራ ጋር ይያያዛል። በርበሬውና ሽሮው በብዛት ለለንደኑ ልጅ ይሁን፤ ከአውሮፕላኑ ወርዶ በቀጥታ ቤቱ ይገባልና ሸክም የለውም። ለፍራንክፈርቱ መካከለኛ ይሁን። ለሮሟ ልጅ የሚላከው ግን እንደ ነጠላና እንደ ቀሚስ ያለ ቀላል ነገር ይሁን፤ በአራት ባቡር የሚጐተት ነውና። ከአውሮፓ ተገዝቶ ወደ ቤት የሚመጣው ደግሞ በመጨረሻው ከተማ፣ በሮም ይገዛ። እንዲህ ሲሆን ሻንጣው በየደረሱበት እየቀለለ ይሄዳል፤ በሄዱበት መንገድ የሚመለስ ሰው ግን የለንደኑን ዕቃ ይዞ ሮም ድረስ ዞሮ እንደገና ለንደን ያደርሰዋል።

ሁለት ጥንቃቄዎች

የመጀመሪያው ጥንቃቄ ትኬትን በተራው መጠቀም ነው። ትኬት ሲገዛ በላዩ የተጻፉት በረራዎች በተጻፉበት ቅደም ተከተል ይሠራባቸው ዘንድ የተሸጠ ነው። አንዳንዱ ሰው ርካሹን የሮም ደርሶ መልስ ይገዛና ሲሄድ በሌላ ትኬት ወደ ለንደን በርሮ፣ ሲመለስ በሮሙ ትኬት መልስ ለመምጣት ያስባል። የመሄጃውን በረራ ሳይሳፈር የቀረ መንገደኛ መልሱ ወዲያው ይሰረዝበታል፤ ሮም አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስም ስሙን በመዝገቡ ላይ አያገኘውም። ያን ጊዜ የመሄጃ ብቻ ትኬት በዕለቱ ዋጋ ይገዛል፤ ሊያተርፍ ያሰበውን ሁሉ ይጨርሰዋል። ይህን አሳብ የሚሠራው ክፍቱ ትኬት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ክፍተቱ የተሞላው በሌላ ትኬት መሆኑን አለመርሳት ነው። ከሚላኖ ወደ ሮም የሚመጣው ባቡር ቢዘገይና አውሮፕላኑ ቢያመልጥ አየር መንገዱ ዕዳ የለበትም፤ ባቡሩን አልሸጠላችሁምና። ስለዚህ ከመመለሻው በረራ ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድሞ በመጨረሻው ከተማ መገኘት ይገባል። በእኛ ምሳሌ ወላጆቹ በሮም 9 ቀን ስለሚቀመጡ ይህ አያሰጋቸውም፤ የመጨረሻው ከተማ አንድ ሌሊት ብቻ የሚታደርበት እንዳይሆን ማድረግ የክፍቱ ትኬት ባለቤት ግዴታ ነው።

ለወኪሉ ምን ይባላል?

ወደ ጉዞ ወኪል ስትሄዱ «የለንደን ትኬት ስጠኝ» አትበሉ፤ እንዲህ ያላችሁት እንደ ሆነ የሚሰጣችሁ የለንደን ደርሶ መልስ ነው። ይልቁንስ በአንዲት ወረቀት ላይ እንዲህ ብላችሁ ጽፋችሁ ስጡት፤ «ከአዲስ አበባ ወደ ለንደን በዚህ ቀን፤ ከሮም ወደ አዲስ አበባ በዚህ ቀን፤ በአንድ ትኬት። ግልባጩም ስንት እንደ ሆነ። የለንደንና የሮም ደርሶ መልስም ለየብቻቸው ስንት እንደ ሆኑ። የቀን ለውጥ ስንት እንደሚያስከፍል።» አራቱን ዋጋዎች ይዛችሁ ወደ ቤት ተመለሱና የሰጠናችሁን ደንብ ሠርታችሁ እዩ። ልጆች በኮምፒዩተር የሚገዙ ከሆነ ደግሞ በአየር መንገዱ ገጽ ላይ Multi-city የሚለውን ይምረጡ፤ በመጀመሪያው መሥመር አዲስ አበባና ለንደን፣ በሁለተኛው ሮምና አዲስ አበባ ብለው ይጻፉ። ለየብቻ ሁለት የመሄጃ ትኬት አይግዙ።

የጠያቂያችንን ጉዳይ ለመደምደም፣ ቪዛውን ከጀርመን ኤምባሲና ከብሪታንያ ይጠይቁ፤ በለንደን ገብተው 7 ቀን፣ በባቡር ተሻግረው በፍራንክፈርት 12 ቀን፣ በሚላኖ አንድ ሌሊት አድረው የቀረውን በሮም ይቀመጡና ከሮም ይመለሱ። የለንደኑ ልጅ የመሄጃውን እኩሌታ፣ የሮሟ ልጅ የመመለሻውን እኩሌታ ቢከፍሉ ክርክራቸውም በዚያው ይፈታል። የፍራንክፈርቱ ልጅ የባቡሩን ይክፈል፤ ለክርስትናው በዓል የሚያወጣው ግን ስላለበት ወንድሙና እኅቱ ቢያግዙት መልካም ነው።